«መኪና እልካለሁ» ቢልሽስ?

«የካርቶን ማሸጊያ የሚያትም ድርጅት ውስጥ ሴልስ ነኝ። ትልቁ ደንበኛችን 12,000 ካርቶን አዞ ለረቡዕ ቃል ገብተንለታል፣ እሱ ሐሙስ ማሸግ ይጀምራል። ትናንት አርብ ከሰዓት ግን 7,000ው ላይ ኮላው እንደማይዝ ታወቀ። ቫርኒሹ ኮላ የሚቀባበት ጠርዝ ላይ ጭምር ሄዷል፣ ቫርኒሹን የሚቀባው አዲስ የቀየርነው ፕሌት ስህተት ነው፣ የኛው ጥፋት። ከዛ በፊት የታተመው 5,000 ደህና ነው። አለቃዬ እስከ ማክሰኞ ዝም በይ፣ ከዛ የትራንስፖርት ችግር ነው በይው ይላል። እኔ ደሞ የጻፍኩትን ሜሴጅ መልሼ ሳነበው ስድስት ጊዜ ይቅርታ ብያለሁ፣ አልላክሁትም። ሰውየውን ማጣት አንችልም። ምን ልበለው?
— ስልኩን ይዤ የተቀመጥኩ»

እህቴ፣ ከአለቃሽ ሐሳብ እንጀምር። ማክሰኞ ደውለሽ «የትራንስፖርት ችግር ገጥሞን ነው» አልሽው እንበል። ሰውየው ሐሙስ ሥራ የሚጀምር ሰው ነው፣ ሠራተኛ አዘጋጅቷል፣ ዕቃው ተደርድሮ ካርቶን እየጠበቀ ነው፣ ታዲያ ምን የሚልሽ ይመስልሻል? «ይሄማ ቀላል ነው፣ እኔ መኪና እልካለሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ ይምጣ?» ነው የሚልሽ። ከዛስ? መኪናው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ምን ልትጭኚለት ነው? ወይ ሌላ ውሸት ትፈጥሪያለሽ ወይ ያን 7,000 ጭነሽ ትልኪና እሱ ጋ ሲከፋፈት ያዩታል።

ብዙ ሰው ውሸት መጥፎ ነው የሚለው ከሥነ ምግባር አንጻር ነው፣ እሱ እንዳለ ሆኖ እኔን እዚ ጋ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ቀይረሽ ስትነግሪው የተሳሳተ መፍትሔ እንዲያዘጋጅ ነው የምታደርጊው። መኪና ነው ካልሽው መኪና ይፈልጋል፣ መንገድ ነው ካልሽው ነገ ይከፈታል ብሎ ሠራተኞቹን ይዞ ይቆያል። ትክክለኛውን ሲሰማ ግን፣ 7,000ው እንደገና ሊታተም ነው ሲባል፣ ይሄ የቀናት ጉዳይ እንደሆነ ይገባውና ፕሮግራሙን በዛው ልክ ያስተካክላል። ይሄንን ለአለቃሽ ልክ እንደዚ ንገሪው፣ «መኪና እልካለሁ ቢለኝ ምን ልበለው?» ብለሽ ጠይቂው። ስለ እውነተኛነት ከምታወሪው ይሄ ጥያቄ ቶሎ ይገባዋል ብዬ እገምታለሁ።

እስከ ማክሰኞ ዝም ማለቱም እንደዛው ነው። ዛሬ ቢያውቅ ሰውየው ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሥራውን በግማሽ ጉልበት ሊጀምር፣ ሌላ ምርት ሊያስቀድም፣ የቀረ አሮጌ ካርቶን ካለው ሊያወጣ፣ እሱም በተራው ለራሱ ደንበኞች ሊነግር። ማክሰኞ ማታ ከሰማ የሚቀረው መናደድ ብቻ ነው። ደሞ ይሄን አትርሺ፣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ለምን?» ብሎ አይደለም፣ «መቼ ነው ያወቃችሁት?» ነው። ዛሬ ቅዳሜ ላይ ሆነሽ «ትናንት ከሰዓት» ማለት ትችያለሽ፣ በጣም ጥሩ መልስ ነው። ማክሰኞ ግን «አርብ» ለማለት አፍሽ አይታዘዝሽም። ስለዚ ዛሬውኑ ነው የምትደውዪው።

ግን ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት አንድ ሰዓት ፕሮዳክሽን ክፍል ሂጂ። እዛ የምትሄጂው መጽናኛ ለመስማት አይደለም፣ ቁጥር ለማምጣት ነው። «መቼ ያልቃል?» ብለሽ ብትጠይቂ «እንሞክራለን፣ በዚህ ሳምንት ያልቃል» ነው የሚሉሽ፣ እሱን ይዘሽ ከደወልሽ ወድቀሻል። ሥራውን ደረጃ በደረጃ አስቆጥሪያቸው፤ ወረቀቱ አለ ወይ፣ ለስንት ካርቶን ይበቃል፣ ፕሌቱ መቼ ይደርሳል፣ ህትመት፣ ቫርኒሽ፣ ቆረጣ፣ ኮላ፣ ከዛ ኮላው አድሮ መፈተሽ።

ለምሳሌ ያህል መልሳቸው እንዲህ ሆነ እንበል። ስቶክ ውስጥ ያለው ወረቀት ለ2,000 ይበቃል፣ ለቀሪው 5,000 የሚሆነው ሰኞ ከሰዓት ይገባል፣ የተስተካከለው የቫርኒሽ ፕሌትም ሰኞ ነው የሚመጣው። ፕሌቱ የሚያስፈልገው ለቫርኒሹ ብቻ ስለሆነ የ2,000ው ህትመት ሰኞ ጠዋት እሱን ሳይጠብቅ መጀመር ይችላል። ስለዚህ እሱ ሰኞ ታትሞ፣ ማክሰኞ ቫርኒሽ፣ ረቡዕ ቆረጣ፣ ሐሙስ ኮላ፣ አርብ ተፈትሾ ያልቃል ማለት ነው። 5,000ው ማክሰኞ ስለሚጀምር አንድ ቀን ወደኋላ ነው፣ ቅዳሜ ያልቃል።

እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «አርብ እና ቅዳሜ ያልቃል» ሲሉሽ ደስ ብሎሽ ሄደሽ አርብና ቅዳሜ ብለሽ ቃል ትገቢያለሽ። አርብና ቅዳሜ ግን ምንም ነገር ካልተበላሸ ነው፣ አሁን ደሞ የምናወራው ቀድሞውኑ ስለተበላሸ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ መዘግየትን ደንበኛ ይችለዋል፣ ሁለተኛውን ግን፣ ያውም ራስሽ በሰጠሽው አዲስ ቀን ላይ የሚመጣውን መዘግየት፣ አይችለውም፣ ከዛ በኋላ የምትይው ነገር ሁሉ አይታመንም። ስለዚ 2,000ውን ቅዳሜ ጠዋት፣ 5,000ውን በቀጣዩ ማክሰኞ ጠዋት በይ፣ ሰኞን ለራሳችሁ መጠባበቂያ አድርጋችሁ ያዙት። ቀድሞ ካለቀ ቀድማችሁ ትልካላችሁ፣ ማንም አያማርርም።

አሁን ደሞ ዋናው ነገር፣ እሱን የምትጠይቂው ጥያቄ። «በቀን ስንት ካርቶን ትጠቀማላችሁ?» እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም። 1,500 ነው ቢልሽ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ ከሆነ አብረሽው ቁጠሪ። ረቡዕ 5,000 ደረሰው፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ 4,500 ይጨርሳል፣ 500 ይተርፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት 2,000 ስትጨምሪለት ሰኞን 2,500 ይዞ ይጀምራል፣ ማታ ላይ 1,000 ይቀረዋል፣ ማክሰኞ እስከ ቀትር ምናምን ያስኬደዋል ማለት ነው፣ 5,000ው ደሞ ጠዋት ይደርሳል። አየሽ? አንድም ሰዓት ሥራው አይቆምም። «7,000 ካርቶን ይዘገያል» የሚለው አስደንጋጭ ዜና «በሦስት ዙር እናደርሳለን፣ ሥራዎ አይቆምም» ሆነ፣ አንድም ነገር ሳትደብቂ። ግን ይሄ ሒሳብ የሚሠራው እሱ ቀስ እያለ የሚጠቀም ከሆነ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አሽጎ የሚልከው ዕቃ ከሆነ ማካፈሉ ምንም አይጠቅመውም፣ ስለዚ ሳትጠይቂው «ችግር አይፈጠርብዎትም» እንዳትዪ።

ከፕሮዳክሽን ሳትወጪ አንድ የመጨረሻ ነገር። 5,000ው ደህና ነው ብለሻል፣ እሱም በርግጠኝነት «እሱስ ደህና መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ይልሻል፣ እና «ብለውኛል» መልስ አይደለም። ራስሽ ሄደሽ ከተለያየ እሽግ ላይ እያነሳሽ ቢያንስ አንድ ቀን ያደረ ካርቶን የተጣበቀበትን ጠርዝ ላጥ አድርጊው። ኮላው ከያዘ ወረቀቱ ራሱ እየተቀደደ ነው የሚነሳው፣ ላዩ ላይ የወረቀት ብጣሽ ቀርቶ ታያለሽ። ካልያዘ ግን እንደ ስቲከር ንጹህ ሆኖ ይላጣል፣ ሥሩ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነው። ከመጥፎው አንድ፣ ከደህናው አንድ ላጥ አድርገሽ ጎን ለጎን ፎቶ አንሺ። ይሄ ፎቶ ከስድስቱም ይቅርታሽ ይበልጣል።

እሺ፣ ወደ ይቅርታው እንምጣ። እኔም ሴልስ ሆኜ ሠርቻለሁና አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ገጽ ሙሉ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ እንዴት እንዳዘንን፣ እንዴት እንደምናከብራቸው፣ ምን ያህል እንዳፈርን፣ የመለሱልኝ አንድ መስመር ነበር፦ «ደርሶናል። ዕቃው መቼ ነው የሚመጣው?» መልሼ ሳነበው እውነትም ቀኑን አልጻፍኩትም! ይቅርታ ሲበዛ ችግሩ መዋረድሽ ብቻ አይደለም፣ ሰውየው የሚፈልገውን ነገር ከሥሩ ይቀብረዋል። ሌላው ደሞ እሱ ላይ ሥራ ትጨምሪበታለሽ፣ የተጎዳው እሱ ሆኖ ሳለ «ኧረ ችግር የለም፣ አይዞሽ» እያለ አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፣ ስልኩን ሲዘጋው ደሞ ይናደዳል። አንድ ጊዜ፣ ለምን እንደሆነ ተለይቶ፣ ይበቃል። «ስህተቱ የኛ ነው፣ ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።» አለቀ።

አማርኛችን ደሞ እዚ ላይ መደበቂያ አያጣም። «ችግር ተፈጥሮ ነው» ስንል ማን እንደፈጠረው የለም፣ ችግሩ ራሱን ፈጠረ ማለት ነው። «በተቻለ ፍጥነት» ቀን የለውም። ከሁሉም የባሰው «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ነው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ሳያስብ ይጽፈዋል፣ ግን ውል ላይ የራሱ ትርጉም ያለው አባባል ነው፣ ልትከላከሉት የማትችሉት ነገር ደረሰባችሁ ማለት ነው። የተሳሳተ ፕሌት ከአቅም በላይ አይደለም፣ ማሽኑ ላይ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ቢያየው ይገኝ ነበር። ያንን ቃል ጽፈሽ በኋላ ፕሌቱ መሆኑ ከታወቀ ስህተቱን ወደ ማታለል አሳደግሽው ማለት ነው። ውሉን ግን ከመደወልሽ በፊት አውጥተሽ እይው፣ ለመዘግየት ቅጣት አለው ወይ፣ በጽሑፍ በስንት ቀን ማሳወቅ አለባችሁ፣ ከፋፍሎ ማስረከብ ይፈቀዳል ወይ። ይሄን ሦስቱን ብቻ።

«ሳትደብቂ» ማለት ግን ያለውን ሁሉ መዘርገፍ ማለት አይደለም። ፕሌቱን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ አለቃሽ ምን እንዳለ፣ ከማተሚያው ልጅ ጋር የተፈጠረው ጭቅጭቅ፣ እሱ ምን ያደርግለታል? እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ይሄን ቢያውቅ ነገ የሚያደርገውን ይቀይራል ወይ? የሚቀይር ከሆነ ይነገረዋል። ምክንያቱ፣ ብዛቱ፣ ቀኑ፣ ቀኑ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መቼ እንዳወቃችሁ፣ እነዚህ ይቀይራሉ። የሰው ስም አይቀይርም። ወረቀቱ ሰኞ ይገባል የሚለው ራሱ ከሌላ ሰው የተሰጠ ቃል ስለሆነ እሱን መናገር አለብሽ፣ ግን ቢዘገይ ጥፋቱን ወረቀት አቅራቢው ላይ ለመጣል እንዳታዘጋጂው፣ ሰውየው የተዋዋለው ከናንተ ጋር ነው።

መጀመሪያ ደውዪ፣ ከዛ ጻፊ። በጽሑፍ ብቻ ከላክሽ ፈራች ይላል፣ በስልክ ብቻ ከሆነ ደሞ ቁጥሩ ይዛባል። ስልኩ ላይ ሰላምታውን አታስረዝሚ፣ ደህና ነዎት ቤተሰብ ደህና ሥራ እንዴት ነው እያልሽ አምስት ደቂቃ ከሄድሽ በኋላ መርዶውን ስታወጪው ያ ሁሉ ሰላምታ የውሸት ይመስላል። «ስለ ረቡዑ ካርቶን ጥሩ ያልሆነ ዜና አለኝ፣ 12,000ው በሙሉ ረቡዕ አይደርስም፣ 5,000ው ይደርሳል» በይና ዝም በዪ። ይናገር። ቢጮህም ይጩህ፣ ዝምታውን በይቅርታ ለመሙላት አትቸኩዪ። ሲጨርስ ያንን «በቀን ስንት ካርቶን» የሚለውን ጥያቄ ጠይቂው፣ ከዛ ቀኖቹን ስጪው። ጽሑፉ ያው ስልኩ ላይ የተባለውን ነው የሚደግመው፦

> ሳብጀክት፦ የ12,000 ካርቶን ትእዛዝ፦ 5,000 ረቡዕ፣ ቀሪው 7,000 ይዘገያል
>
> ጤና ይስጥልን። ቅድም በስልክ እንደተነጋገርነው ረቡዕ የምናስረክበው 5,000 ካርቶን ነው። 2,000 ቅዳሜ ጠዋት፣ 5,000 በቀጣዩ ማክሰኞ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት እናደርሳለን።
>
> ምክንያቱ፦ አዲስ የቀየርነው የቫርኒሽ ፕሌት ኮላ የሚቀባበትን ጠርዝ ክፍት አልተወም፤ በዚህም 7,000ው ላይ ኮላው አይዝም። ስህተቱ የኛ ነው፣ ያየነው አርብ ከሰዓት ነው። እነዚህን አንልክም፣ እንደገና እናትማለን። የረቡዑ 5,000 ከፕሌቱ ለውጥ በፊት የታተመና የተፈተሸ ነው፣ የሁለቱንም ፎቶ አያይዣለሁ።
>
> የማክሰኞው ርክክብ ወረቀቱ ሰኞ ከሰዓት በመግባቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ገባም አልገባም ሰኞ 10 ሰዓት ላይ ደውዬ አሳውቅዎታለሁ።
>
> ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን። በሦስት ዙር ማድረሳችን ለሥራችሁ የማይመች ከሆነ እስከ ነገ ማታ ቢነግሩን ቅደም ተከተሉን ሰኞ ሥራ ሳንጀምር መቀየር እንችላለን።

እይው፣ ይቅርታው አንድ ነው፣ ቀኖቹ ከላይ ናቸው፣ ሳብጀክቱን ብቻ ያነበበ ሰው እንኳን ዋናውን አውቋል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፣ መልእክቱን እሱ ለመጋዘኑ ኃላፊ፣ ለሒሳቡ፣ ለማን ለማን ያስተላልፈዋል፣ እነሱ ደሞ አንቺን አያውቁሽም፣ የሚያዩት ያቺን መስመር ነው።

ቅናሽ ልስጠው ወይ ብለሽ ማሰብሽ አይቀርም። በመጀመሪያው ስልክ ላይ አታንሺው። አንደኛ ስልጣኑ የአለቃሽ ነው፣ ሁለተኛ ምን እንደጎደለበት ገና አታውቂም፣ ሥራው ካልቆመበት ምናልባት ገንዘብ ሳይሆን የማክሰኞው ዕቃ እስከ መደርደሪያው ድረስ እንዲገባለት ነው የሚፈልገው። ዝም ብለሽ ገንዘብ ስትዘረጊ ደሞ «ለካ ከዚ የባሰ ነገር አለ» ብሎ ይጠራጠራል። እሱ ራሱ ከጠየቀ «ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ ሰኞ ስደውል መልሱን ይዤ እመጣለሁ» በዪ፣ ሰኞም ይዘሽ ቅረቢ፣ መልሱ እምቢ ቢሆን እንኳን።

አለቃሽ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ፕሌት ምናምን አይወራም» ካለስ? ሊል ይችላል፣ አንዳንዱ የውስጥ ስህተት ሲወጣ ሞት ነው የሚመስለው። እንግዲያውስ ዝርዝሩን አሳጥሪው፣ «በምርት ወቅት የጥራት ጉድለት አገኘን፣ 7,000ውን እንደገና እያተምን ነው» በይ። አጭር ነው ግን እውነት ነው፣ መኪና እንዲልክም አያደርገውም። ከዚ በታች ግን አትውረጂ፣ ትራንስፖርት የሚለውን ካስገደደሽ «ያንን እርስዎ ይንገሩት፣ እኔ ቀኖቹን እነግረዋለሁ» በዪው። ብዙዎቹ ውሸቱን በራሳቸው አፍ መናገር ሲመጣ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ።

ሰኞ 10 ሰዓት ላይ አላርም ሙዪ። ወረቀቱ ቢገባም ደውዪ፣ «ገብቷል፣ የቀጣዩ ማክሰኞ ርክክብ እንዳለ ነው» ለማለት ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ካልገባ ደሞ ማታ ይገባ ይሆናል ብለሽ እስከ ነገ እንዳታሳድሪው፣ መጠባበቂያዋን አንድ ቀን እየበላሽ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱም ሊያውቅ ይገባል፦ «ወረቀቱ ዛሬ አልገባም፣ ነገ እስከ ቀትር ከገባ የቀጣዩ ማክሰኞ ርክክብ አይነካም፣ ካልገባ ይነካል፣ ነገ 6 ሰዓት ላይ እደውላለሁ።» እናም ደውዪ።